ለጡረታ በየወሩ ስንት ዶላር ላስቀምጥ? ራስዎ የሚያሰሉበት መንገድ

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቼና ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «401ኬ ላይ ገንዘብ እየገባልኝ ነው፤ ግን ይበቃኛል ወይ? በወር ስንት ባደርገው ነው የሚበቃኝ?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከማስረዳት አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። ስሌቱ አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው፤ ሒሳብ ማወቅም አይጠይቅም። ስልክ ላይ ያለ ጉግል ሺትስ ወይም ኤክሴል ይበቃል።

እስከ መጨረሻው በአንድ ሰው ምሳሌ እንሄዳለን። ሰውየው 37 ዓመቱ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ይኖራል። ሆቴል ውስጥ በጥገና ሠራተኛነት በዓመት 48,000 ዶላር፣ ማለትም በወር 4,000 ዶላር ያገኛል። 401ኬ ላይ እስካሁን 12,000 ዶላር አለው። በ67 ዓመቱ ጡረታ መውጣት ይፈልጋል። እርስዎ የእሱን ቁጥሮች በራስዎ ቁጥር እየተኩ ይከተሉ።

መጀመሪያ እነዚህን ያዘጋጁ

- የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀትዎን (ፔይ ስተብ)
- የ401ኬ ወይም የሌላ የጡረታ ሒሳብዎን የቅርብ ቀሪ ሒሳብ
- ያለፉት 3 ወራት የባንክና የክሬዲት ካርድ ስቴትመንት
- ከ ssa.gov ላይ የሶሻል ሴኩሪቲ ግምትዎን (አካውንት ከሌለዎት እዚያው ይከፍታሉ)
- ጉግል ሺትስ ወይም ኤክሴል

1. ዛሬ ጡረታ ቢወጡ በወር ስንት እንደሚያስፈልግዎ ይጻፉ

«ዛሬ» የምትለዋን ቃል አጥብቀው ይያዟት። ከ30 ዓመት በኋላ ዳቦ ስንት እንደሚሆን ለመገመት አይሞክሩ። በዛሬ ዋጋ፣ በዛሬ ዶላር ይጻፉ። የዋጋ ንረቱን በ4ኛው ደረጃ እናስተካክለዋለን። እዚህ ላይ ደግመው ካሰቡት ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

የባንክ ስቴትመንትዎን ይክፈቱና የ3 ወር ወጪዎን ደምረው ለ3 ያካፍሉ። ከዚያ በጡረታ ጊዜ የማይኖረውን ይቀንሱ፤ የልጆች ወጪ፣ ወደ ሥራ የሚመላለሱበት ቤንዚን፣ አሁን ለጡረታ የሚያስቀምጡት ገንዘብ። የሚጨመረውን ደግሞ ይጨምሩ። ሜዲኬር ከ65 ዓመት ጀምሮ ቢኖርም ሁሉንም አይሸፍንም፤ የመድኃኒትና የጥርስ ወጪ ይኖራል። ሀገር ቤት የሚልኩትንም አይርሱ። ብዙ ሰው ይህን ከቁጥር አያስገባውም፤ ግን በየወሩ ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነው፤ ጡረታ ስለወጡም አይቆምም።

የእኛ ሰው ወጪ ተቀንሶና ተጨምሮ በወር 3,000 ዶላር ሆነ።

2. ሶሻል ሴኩሪቲ የሚከፍለውን ይቀንሱ

ssa.gov ላይ ሲገቡ በተለያየ ዕድሜ ቢጀምሩ በወር ስንት እንደሚደርስዎ ያሳይዎታል። በ1960 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ ሰው ሙሉ ክፍያውን የሚያገኘው በ67 ዓመቱ ነው። በ62 ከጀመረ በ30 በመቶ ይቀነስበታል፤ ይህም ቅናሽ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። ስለዚህ ጡረታ ለመውጣት ካሰቡበት ዕድሜ ፊት ለፊት ያለውን ቁጥር ይውሰዱ። ቁጥሩ በዛሬ ዶላር የተሰላ ስለሆነ ከ1ኛው ደረጃ ጋር ይገጥማል።

ለእኛ ሰው በ67 ዓመቱ የሚያሳየው 1,875 ዶላር ነው። እኔ ግን ሙሉውን አልወስድም። የሶሻል ሴኩሪቲ ባለአደራዎች በ2025 ባወጡት ሪፖርት መሠረት፣ ሕጉ ሳይቀየር ከቀጠለ የጡረታው ፈንድ መጠባበቂያ በ2033 ያልቃል። ከዚያ በኋላ በሚሰበሰበው ግብር መክፈል የሚቻለው ከተገባው ቃል 77 በመቶውን ያህል ነው። ምክር ቤቱ መፍትሔ ሊያበጅለት ይችላል፤ ስሌታችንን ግን በዚያ ተስፋ ላይ አንሠራም። 80 በመቶውን ወስደን 1,500 ዶላር እንላለን።

3,000 ሲቀነስ 1,500፣ ቀሪው 1,500 ዶላር ነው። በየወሩ ከራሱ ቁጠባ መውጣት ያለበት ይህ ነው።

ኡበር ለሚነዱና የራሳቸው ሱቅ ላላቸው አንድ ነገር ልጨምር። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚቆጥርልዎ ለታክስ ያሳወቁትን ገቢ ብቻ ነው። ወጪ አብዝተው የተጣራ ገቢዎን ዝቅ ካደረጉ ዛሬ ታክሱ ይቀልዎታል፤ ነገ ግን ጡረታዎ ያንሳል። ssa.gov ላይ የየዓመቱ ገቢዎ ተዘርዝሮ ይታያል። ያንን ዝርዝር ሳያዩ ግምቱን አይቀበሉ። ክፍያውን ለማግኘት 40 ክሬዲት፣ ማለትም ቢያንስ የ10 ዓመት ያህል ሥራ እንደሚያስፈልግም ያስታውሱ።

3. ግብዎን ያውጡ፦ የዓመቱን ጉድለት በ25 ያባዙ

በወር 1,500 ማለት በዓመት 18,000 ዶላር ነው። 18,000 ሲባዛ በ25፣ 450,000 ዶላር ይሆናል። ግባችን ይህ ነው።

25 ከየት መጣ? ዊልያም ቤንገን የሚባል የፋይናንስ አማካሪ በ1994 ያሳተመው ጥናት አለ። የአሜሪካ አክሲዮንና ቦንድ ያለፈ ታሪክን ይዞ ሲመረምር፣ ጡረተኛው በመጀመሪያው ዓመት ካጠራቀመው 4 በመቶ ያህል ቢያወጣና በየዓመቱ በዋጋ ንረቱ ልክ ቢጨምርበት፣ ገንዘቡ በመጥፎዎቹ ዘመናትም ቢሆን 30 ዓመት ቆይቷል። 4 በመቶ ማለት ከ25 አንድ እጅ ነው፤ ስለዚህ በ25 እናባዛለን። ለ67 ዓመት ሰው 30 ዓመት በቂ ነው። በ55 ዓመትዎ መውጣት ካሰቡ ግን 30 ዓመት ስለማይበቃ በ30 ያባዙ።

ገንዘቡ በተለመደው 401ኬ ውስጥ ከሆነ ሲያወጡት ታክስ ይከፈልበታል። የሮት ዓይነቱ ደንቡ ተጠብቆ ሲወጣ ታክስ የለበትም። በተለመደው ውስጥ ካለዎት በ1ኛው ደረጃ ላይ ታክሱን እንደ አንድ ወጪ ጽፈው ይጨምሩት። የእኛ ሰው 3,000 ውስጥ አስገብቶታል።

4. ጠንቃቃ የዕድገት መጠን ይምረጡ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ትንሽ ረጋ ብለን እንየው።

ግባችን በዛሬ ዶላር ነው። ስለዚህ የዕድገቱ መጠንም የዋጋ ንረት የተቀነሰለት መሆን አለበት። ገንዘብዎ በዓመት 6 በመቶ አድጎ ዕቃው 3 በመቶ ከተወደደ፣ የመግዛት አቅምዎ ያደገው 3 በመቶ ያህል ነው። የምንፈልገው ይህን የተጣራውን ነው።

የአሜሪካ አክሲዮን በረጅም ዘመን ታሪኩ ንረት ተቀንሶ በዓመት 6.5 እስከ 7 በመቶ ያህል አድጓል። ታዲያ ለምን በ7 አናሰላም? አንደኛ፣ ዕድሜ ሲገፋ ገንዘቡ ሁሉ አክሲዮን ላይ አይቀመጥም፤ ከፊሉ ወደ ቦንድ ይሄዳል፤ ቦንድ ደግሞ ዕድገቱ ያንሳል። ሁለተኛ፣ ፈንዱ የሚያስከፍለው አገልግሎት አለ። ሦስተኛ፣ ያ አማካይ የመቶ ዓመት ነው፤ የእርስዎ ዘመን ግን 30 ዓመት ብቻ ነው። ከ2000 እስከ 2009 በነበሩት 10 ዓመታት የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎችን አክሲዮን የሚለካው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ዲቪደንዱ ተጨምሮም እንኳ ባለቤቱን አክስሯል። እንዲህ ያለ ዘመን ጡረታዎ ዋዜማ ላይ ሊገጥምዎ ይችላል።

እኔ የምጠቀመው 3 በመቶ ነው። በተጨማሪም በ2 እና በ4 አስልቼ አያለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ያዩታል። ጥንቃቄውን ግን በየደረጃው አይደራርቡት። ሶሻል ሴኩሪቲን ዜሮ ብሎ፣ በ35 አባዝቶ፣ ዕድገቱን 1 በመቶ አድርጎ ያሰላ ሰው የሚያገኘው ቁጥር በጣም ትልቅ ስለሚሆንበት ፋይሉን ዘግቶ ይተወዋል። እኛ ጥንቃቄውን ሶሻል ሴኩሪቲና ዕድገቱ ላይ አድርገነዋል፤ ይበቃል።

5. ቀመሩን ያስገቡ

ጉግል ሺትስ ላይ አንድ ባዶ ሳጥን ይንኩና ይህን ይጻፉ፦

```
=PMT(0.03/12, 360, -12000, 450000)
```

0.03/12 የዓመቱ ዕድገት ለ12 ወር ተካፍሎ ነው። 360 የቀሩት ወራት ናቸው፤ 30 ዓመት ሲባዛ በ12። 12000 አሁን ያለው ገንዘብ ነው፤ የመቀነስ ምልክቱን እንዳይዘነጉ። 450000 ግቡ ነው። መልሱ -721.6 ይሆናል። መቀነሱ ከኪስዎ የሚወጣ ማለት ነው። ወደ ላይ ስናጠጋው በወር 722 ዶላር።

ማሽኑ ምን እንደሠራ ማወቅ ጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ሲሳሳት ያውቁበታል። መጀመሪያ ያለውን 12,000 ዶላር ለ30 ዓመት አሳደገው፤ 29,482 ዶላር ሆነ። ያንን ከ450,000 ቀነሰ፤ 420,518 ቀረ። ከዚያ በየወሩ 1 ዶላር ቢቀመጥ በመጨረሻው ስንት እንደሚሆን አሰላ። ከኪስ የሚወጣው 360 ዶላር ነው፤ በወለድ ላይ ወለድ እየወለደ 582.74 ዶላር ይሆናል። 420,518 ለ582.74 ሲካፈል 722 ይመጣል።

እዚህ ላይ ሁሉም ዶላር እኩል እንደማያድግ ያስተውሉ። በ37 ዓመቱ የገባው ዶላር ከሁለት ዶላር ከ40 ሳንቲም በላይ ይሆናል። በ66 ዓመቱ የገባው ግን ሳንቲሞች ቢጨምር ነው። ለዚህ ነው መዘግየት የሚያስከፍለው። ይኸው ሰው ዛሬ ያለውን 12,000 ሳይነካ አሥር ዓመት ቢተኛና በ47 ዓመቱ ያንኑ 12,000 ይዞ ቢጀምር፣ በወር የሚያስፈልገው 1,304 ዶላር ይሆን ነበር።

አሁን 0.03ን በ0.02 እና በ0.04 ቀይረው ይሞክሩ፦

- በ2 በመቶ፦ 869 ዶላር
- በ3 በመቶ፦ 722 ዶላር
- በ4 በመቶ፦ 591 ዶላር

ሦስቱን አብረው ጽፈው ይያዙ። 722 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም፤ በ591 እና በ869 መካከል ያለ ግምት ነው። 869 መክፈል ከቻሉ ደኅና እንቅልፍ ይተኛሉ። 591ም ካቃተዎት ችግሩ ወርኃዊው ቁጠባ ላይ አይደለም፤ ወደ 1ኛው ደረጃ ተመልሰው ወጪውን ወይም የጡረታ ዕድሜውን መቀየር ይኖርብዎታል።

6. አሠሪዎ የሚጨምርልዎትን ይቀንሱ

722 ዶላሩ ሁሉ ከእርስዎ ኪስ መውጣት የለበትም። የእኛ ሰው አሠሪ ከደመወዙ እስከ 6 በመቶ ላስቀመጠው ግማሹን ይጨምርለታል። 6 በመቶ 240 ዶላር ነው፤ የአሠሪው ድርሻ 120 ዶላር ይሆናል። 722 ሲቀነስ 120፣ ከራሱ የሚወጣው 602 ዶላር።

ከመቁጠርዎ በፊት ግን ኤች አር ቢሮ ሄደው አንድ ነገር ይጠይቁ፦ አሠሪው የሚጨምረው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ የእኔ የሚሆነው ከስንት ዓመት በኋላ ነው? ቬስቲንግ የሚሉት ይህ ነው። ከዚያ በፊት ሥራ ከለቀቁ ከፊሉ ወይም ሁሉም ተመልሶ ይሄዳል።

401ኬ የሌለው ሥራ ላይ ከሆኑ አይ አር ኤ የሚባለውን የግል የጡረታ ሒሳብ መክፈት ይችላሉ። በ2025 ከ50 ዓመት በታች ላለ ሰው ጣሪያው በዓመት 7,000 ዶላር ነበር፤ በወር 583 ገደማ። 722 ለሚያስፈልገው ሰው ይህ ብቻውን አይሞላም። በራስዎ ስም የሚሠሩ ከሆነ ስለ ሴፕ አይ አር ኤ የታክስ ሠራተኛዎን ይጠይቁ፤ ጣሪያው ከዚህ በጣም ከፍ ያለ ነው።

7. በዶላር ሳይሆን በመቶኛ ያስቆርጡ

602 ከ4,000 ላይ 15 በመቶ ነው። 401ኬው ላይ «15 በመቶ» ብለው ያስገቡ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ያሰላነው በዛሬ ዶላር ስለሆነ፣ የሚቀመጠውም ገንዘብ በየዓመቱ ከንረቱ ጋር ከፍ ማለት አለበት። ንረቱ 3 በመቶ ከሆነ የዘንድሮው 722 በሚመጣው ዓመት 744 መሆን አለበት። 722 ላይ ለ30 ዓመት ቢቆም ግቡ ላይ አይደርስም። በመቶኛ ካስቆረጡ ደመወዝ ሲጨመር ቁጠባውም አብሮ ይጨምራል። ደመወዝዎ ሳይጨመር የቀረበት ዓመት ካለ ግን ራስዎ ከፍ ማድረግ አለብዎት።

8. በዓመት አንዴ እንደገና ያስሉ

ቀን ይምረጡ፤ የልደትዎ ቀን ይሁን ወይም እንቁጣጣሽ። በዚያ ቀን ሦስት ቁጥሮች ይቀይሩ። ወራቱን በ12 ይቀንሱ። ያለዎትን ገንዘብ በአዲሱ ቀሪ ሒሳብ ይተኩ። ግቡን በዓመቱ የዋጋ ንረት ከፍ ያድርጉ፤ ይህ ሦስተኛው ነው የሚረሳው።

ለምሳሌ ዓመቱ መጥፎ ነበር እንበል። 12,000 ላይ 8,664 ዶላር ገብቶበት ገበያው ስለወረደ 19,000 ብቻ ተገኘ። ንረቱ 3 በመቶ ነበር፤ ግቡ 463,500 ሆነ።

```
=PMT(0.03/12, 348, -19000, 463500)
```

መልሱ 755 ዶላር ነው። ገበያው ባይወርድ እንኳ 744 መክፈሉ አይቀርም ነበር። ስለዚህ ያ ሁሉ የከሰረ የመሰለው ዓመት በወር የጨመረበት 11 ዶላር ብቻ ነው። ገበያ ሲወርድ ተደናግጠው ሁሉንም ከመሸጥዎ በፊት ይህችን ስሌት ይሥሯት።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

*ግብን በዛሬ ዶላር፣ ዕድገትን ንረት ሳይቀንሱ ማስላት።* ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። አንድ ዘመዴ «በወር 289 ዶላር ይበቃኛል» ብሎ ወረቀት ላይ ሠርቶ አሳየኝ፤ ቁጥሮቹ ከላይ ካለው ምሳሌ ጋር አንድ ናቸው። ቀመሩ ትክክል ነበር። ያስገባው ዕድገት ግን 7 በመቶ፣ ንረት ያልተቀነሰለት ነበር። 289 ዶላር እያስቀመጠ የተጣራው ዕድገት 3 በመቶ ቢሆን በ67 ዓመቱ የሚኖረው 198,000 ያህል ነው፤ ከግቡ ግማሽ እንኳ አይሞላም። የእርስዎም መልስ በጣም ቀላል ሆኖ ከመጣ መጀመሪያ ይህን ይመርምሩ።

*የመቀነስ ምልክቱን መርሳት።* 12000 ፊት ያለውን ምልክት ከተዉት ማሽኑ ያለዎትን ገንዘብ እንደ ዕዳ ይቆጥረዋል፤ 823 ዶላር ይላል። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ያለዎትን ገንዘብ ሲጨምሩት ወርኃዊው መጠን መውረድ አለበት። ከወጣ ምልክቱ ተሳስቷል።

*የፈንዱን ክፍያ አለማየት።* ፈንድዎ በዓመት 1 በመቶ ተጨማሪ የሚያስከፍል ከሆነ 3 በመቶው 2 ሆነ ማለት ነው። ከላይ እንዳየነው 722 ወደ 869 ይወጣል፤ ለአንድ ዓይነት ጡረታ በወር 147 ዶላር ተጨማሪ። 401ኬው ድረ ገጽ ላይ እያንዳንዱ ፈንድ አጠገብ expense ratio የሚል ቁጥር አለ። የኢንዴክስ ፈንዶች ላይ ብዙ ጊዜ ከ0.1 በመቶ በታች ነው።

*ዕቁብን ከዚህ መቁጠር።* ዕቁብ ገንዘብ ለመሰብሰብ ጥሩ ነው፤ መኪና ወይም የቤት ቅድመ ክፍያ ያስይዛል። ግን ያስገቡትን ነው የሚያወጡት፤ አያድግም። ገንዘቡ ከንረቱ እኩል ብቻ ቢያድግ እንኳ፣ ማለትም በ0 በመቶ፣ ለዚሁ ግብ በወር 1,217 ዶላር ያስፈልጋል። የዕቁብ ገንዘብ ደግሞ ንረቱንም አይከተልም።

*ሀገር ቤት ገብቼ እኖራለሁ ብሎ በዛሬው የብር ምንዛሪ ማስላት።* ከ30 ዓመት በኋላ ምንዛሪውም ሆነ የአዲስ አበባ ኪራይ ስንት እንደሚሆን ማንም አያውቅም። ሜዲኬርም ከአሜሪካ ውጪ በአብዛኛው አይሠራም፤ ሕክምናው ከኪስ ነው። በዶላር፣ በአሜሪካ ወጪ ያስሉ። ሀገር ቤት ረክሶ ከጠበቀዎት ይተርፍዎታል።

*ሀገር ቤት ሆነው በባንኩ ወለድ ማስላት።* ቀመሩ በብርም ይሠራል፤ የሚለየው የዕድገቱ ቁጥር ነው። የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ሆኖ ንረቱ 15 በመቶ ከሆነ የተጣራው ዕድገት ከዜሮ በታች፣ መቀነስ 7 በመቶ ገደማ ነው። ቀመሩ ውስጥ -0.07/12 ብለው ሲያስገቡት የሚወጣው ቁጥር ያስደነግጣል፤ ግን እውነቱን ነው የሚነግርዎ። የባንክ ደብተር ብቻውን ለ30 ዓመት ግብ አይሆንም።

*መሃል ላይ ማውጣት።* ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ከተለመደው 401ኬ ቢያወጡ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር ከታክሱ ሌላ ካወጡት ገንዘብ 10 በመቶ ቅጣት ይከፍላሉ። ሌላም ጉዳት አለ። በ37 ዓመቱ 5,000 ዶላር ያወጣ ሰው ከግቡ የሚያጎድለው 5,000 ሳይሆን 12,284 ዶላር ነው። ስለዚህ ለድንገተኛ ወጪ የሚሆን ገንዘብ ከዚህ ስሌት ውጪ፣ በተለየ የቁጠባ ሒሳብ ይያዙ፤ 12,000 የሚለው ቦታ ላይም አይደምሩት።